ከማእድ ቤት ወለል ተመልሶ የሚወጣ ውሃ
ስለ ቅባት ማጥመጃና ስለ ወለል ፍሳሽ መውረጃ አቀማመጥና አጠባበቅ

አንድ ሰኞ ጧት የምግብ ቤት ባለቤት የሆኑ አንዲት እመቤት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው የሚከተለውን ነገሩን። ቅዳሜ ማታ፥ እንግዳ በበዛበት ሰዓት፥ በማእድ ቤታቸው ወለል ላይ ካለው የፍሳሽ መውረጃ ጥቁርና የሚሸት ውሃ እየፈለቀ ወጣ። ሠራተኞቹ በጨርቅ ጠርገው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እሑድ ማታ ግን ውሃው ተመልሶ መጣ። «በየማታው የፈላ ውሃ እናፈስበታለን፤ ሳሙናም እንጨምርበታለን፤ ታዲያ ምን ጐድሎበት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ከእርሳቸው ጋራ ወደ ቤቱ ሄድን። ያየነውን በዝርዝር የምንጽፈው፥ በምግብ ቤትም ሆነ ብዙ ሕፃናት በሚመገቡበት ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ስለሚችል ነው።

በቅድሚያ ቅባት ማጥመጃ ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። ድስትና ሳሕን የታጠበበት ውሃ ትኩስ ሳለ ቅቤው፥ ጮማውና ዘይቱ አብረውት ይፈሳሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝና ሲረጋ ግን ቅባቱ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የምግቡ ፍርፋሪ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅባት ማጥመጃ ማለት ውሃው እንዲህ እስኪለይ ድረስ የሚቆይበት፥ በሲሚንቶ የተለሰነ፥ በመካከሉ ግድግዳ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ ነው። የመግቢያውና የመውጫው ቧንቧ አፍ ወደ ታች የወረደ ስለ ሆነ፥ ከላይ የተንሳፈፈው ቅባትና ከሥር የዘቀጠው አተላ በስተኋላ ቀርተው፥ ከመካከል ያለው የጠራ ውሃ ብቻ ወደ ዋናው የፍሳሽ መሥመር ያልፋል።

የጉድጓዱ ስፋት በግምት የሚወሰን አይደለም። በጐበኘነው ማእድ ቤት ሁለት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳዎች አሉ። የእያንዳንዱ ርዝመት 60፥ ወርዱ 45፥ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም 81 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድነት 162 ሊትር ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሩቡን ያህል ዕቃው ስለሚይዘው፥ የሚፈሰው ውሃ 120 ሊትር ገደማ ነው። ገንዳዎቹ በሁለት ደቂቃ ባዶ ቢሆኑ በየደቂቃው 60 ሊትር ይወርዳል። ውሃው በጉድጓዱ ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ከተፈለገ ጉድጓዱ 1800 ሊትር መያዝ አለበት። ይህም ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፥ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ሲሆን የሚገኝ ልክ ነው። የእመቤቲቱም ጉድጓድ በዚሁ ልክ የተሠራ ነበር። ቦታውም ቢሆን መልካም ነበር፤ ከቤቱ ውጭ፥ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ብዙ ሳይርቅ፥ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ሊደርስበት በሚችል ስፍራ ተቈፍሯል። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽም የሚቀላቀለው ከጉድጓዱ በኋላ ነበር፤ የሰው ዐይነ ምድርና የዝናብ ውሃ ከቶ ወደ ቅባት ማጥመጃ መግባት የለባቸውምና ይህም ትክክል ነው።

እንግዲህ ጉድጓዱ ደኅና ከተሠራ ችግሩ ከየት መጣ? ክዳኑን አስነሥተን ልክ ወሰድን። የቅባቱን ውፍረት ለማወቅ፥ በጫፉ ላይ ትንሽ ጣውላ አግድም የተመታበት ዘንግ ቅባቱን አሳልፎ ይሰደዳል፤ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ሲሳብ ጣውላው የቅባቱን ሥር ሲነካ ለእጅ ይታወቃል። የአተላውን ለማወቅ ደግሞ ሌላ ዘንግ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ወለሉ ይገባል፤ ሲወጣ ጨርቁ የጠቈረበት ቁመት የአተላው ልክ ነው። በዚያ ጉድጓድ ቅባቱ 24፥ አተላው 13፥ በድምሩ 37 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘነው። ሁለተኛውም ክፍል ከዚህ እምብዛም የማያንስ ነበር።

በዚህ ሙያ የሚሠራበት ደንብ፥ ቅባቱና አተላው ተደምረው የውሃውን ጥልቀት ሩብ ሲሞሉ ጉድጓዱ ይጠረግ የሚል ነው። ጥልቀቱ 100 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ልኩ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። 37 ሳንቲ ሜትሩ በቆሻሻ ሲያዝ ለውሃው የቀረው ስፍራ 63 ብቻ ነው፤ ስለዚህ 30 ደቂቃ ይቆይ የነበረው ውሃ 19 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆይቶ፥ ቅባቱ ሳይለይ ያልፋል። ጉድጓዱ ከላይ ሲያዩት ውሃ እያስተላለፈ ነውና ሥራውን የሚሠራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ቅባቱን ወደ ዋናው ቧንቧ እየሰደደ ነው።

ቅባቱም በዚያ ከርሞ ቧንቧውን ደፈነው። የፈላ ውሃና ሳሙና ያላዳኑትም ስለዚህ ነው። ይህን መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት የቀለጠ ቅቤ ጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ከላይ ይረጋል። በሌላ ብርጭቆ ሳሙና ጨምራችሁ ብትበጠብጡት ግን ቅቤው ደቅቆ ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ቶሎም አይለይም። የእመቤቲቱ የማታ ሳሙና በጉድጓዱ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቅባቱን አላጠፋውም፥ ወደ ፊት ሰደደው እንጂ። በዋናው መሥመር ውስጥ ደግሞ ቅባቱ ከካልሲየም ጋራ ተዋሕዶ እንደ ጠጣር ሳሙና ይሆናልና የፈላ ውሃ አይፈታውም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በመስከረም 2017 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ከምድር በታች ባለው የፍሳሽ መሥመር የተገኘው የቅባት ክምር ርዝመቱ 250 ሜትር፥ ክብደቱም 130 ቶን ያህል ነበር።

ውሃው በማጠቢያው ገንዳ ሳይሆን በወለሉ የወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? መሥመሩ ሲደፈን ውሃ ዝቅ ባለው ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ በቤቱ ውስጥም ከሁሉ ዝቅ ያለው ቀዳዳ የወለሉ መውረጃ ነው። በዚህ ላይ የተደፈነው ከመጸዳጃ ቤቱ መገናኛ በታች ስለ ነበረ፥ ወደ ማእድ ቤቱ የተመለሰው የዕቃ እጣቢ ብቻ ሳይሆን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም ጭምር ነበር። ሠራተኞቹ በጨርቅ ጠርገው ያበሰሉት በዚህ ላይ ነው።

የወለሉን መውረጃዎች አቀማመጥም ተመለከትን። ሦስት ነበሩ። አንዱ በማጠቢያው ፊት፥ ሁለተኛው ትልቁ የወጥ ድስት በሚገለበጥበት ስፍራ ይገኛሉ፤ ወለሉም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እነርሱ ያዘነብላል። ይህ እንደሚገባ ነው፤ መውረጃ የሚቀመጠው ውሃ በሚፈስበት በዚያው አጠገብ፥ እጅ በሚደርስበት ስፍራ ነውና። ሦስተኛው ግን በትልቁ ማቀዝቀዣ ሥር ተደብቆ ነበር። ከእያንዳንዱ መውረጃ በታች ሲፎን የሚባል ጐባጣ ቧንቧ አለ፤ በውስጡ የሚቆመው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የፍሳሹን ሽታና በረሮን የሚያግድ መዝጊያ ነው። በማቀዝቀዣው ሥር ውሃ የሚያፈስ ስለሌለ ይህ መዝጊያ ደርቆ ነበር። ባለቤቲቱ ከጉድጓዱ የሚመጣ ይመስላቸው የነበረው ሽታ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ማቀዝቀዣውን አዛውረን አንድ ባልዲ ውሃ ብናፈስስበት ሽታው ቆመ። ስለዚህ እምብዛም ውሃ በማይፈስበት መውረጃ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ይጨመር። በሚሠራበት መውረጃ ደግሞ ወንፊቱ በየማታው ወጥቶ ፍርፋሪው ወደ ቆሻሻ መጣያ ይራገፍ፤ በመውረጃው አይገፋ።

በግቢው ውስጥ ሳለን ከሠራተኞቹ አንዱ ወጣት አካፋ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲዘጋጅ አየንና አስቆምነው። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። በተዘጋ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚበሰብሰው አተላ የገማ እንቍላል የሚሸት መርዛም አየር ያወጣል። ይህ አየር ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ የገባውም ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሊያወጣው ተከትሎት የሚገባውም ይሞታል። ማንም ሰው ለመጥረግ ወደ ጉድጓዱ አይግባ፤ ክዳኑም ያለ ጠባቂ ክፍት አይተው። ሥራው ከውጭ ሆኖ በፍሳሽ ማንሻ መኪና ይፈጸማል። መኪናው የሚመጥጠው ከላይ ያለውን ቅባት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እስከ ወለሉ ነው፤ ግድግዳው በረዥም መፋቂያ ይፋቃል። ከዚያም ጉድጓዱ በንጹሕ ውሃ ይሞላ፤ ባዶውን ቢተው የመውጫው ቧንቧ አፍ በውሃ ውስጥ ስለማይሆን የመጀመሪያው ቅባት ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል።

በዚያ ቀን ምግብ ማብሰሉ እንዲቆም አዘዝን። መሥመሩ ከተከፈተ በኋላ ፍሳሹ የነካው ምግብ ሁሉ ተጣለ። ወለሉና ዕቃው በሳሙና ታጥበው፥ 5 በመቶ ኃይል ካለው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋራ ተቀላቅሎ ተወለወሉ፤ ዕቃዎቹም ኋላ በንጹሕ ውሃ ተለቀለቁ።

የቀረው ነገር ጉድጓዱ በስንት ጊዜ እንደሚጠረግ ማወቅ ነበር። ከተጠረገ በሦስተኛው ሳምንት ሲለካ ቅባቱና አተላው በድምሩ 9 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በሳምንት 3 ማለት ነው። በዚህ ቢታሰብ በስምንተኛው ሳምንት ወደ 25 ይቃረባልና ሰባት ሳምንት በቂ ይመስል ነበር። ነገር ግን ይህ የተለካው በዐቢይ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ቅቤና ሥጋ ወደ ድስቱ ሲመለስ፥ እንደገና ከተጠረገ በሦስተኛው ሳምንት 15 ሳንቲ ሜትር ተገኘ፤ በአምስተኛው ሳምንት ሩቡ ይሞላል። ስለዚህ በፍስክ ወራት በየአራት ሳምንቱ፥ በጾም በየሰባት ሳምንቱ እንዲጠረግ ተወሰነ። እመቤቲቱም የልኩን ዘንግ በግቢው ግድግዳ ላይ ሰቅለው፥ ቀኑንና ልኩን የሚጽፉበት ደብተር አበጁ። የፈላ ውሃውና ሳሙናው ቀርቷል፤ የድስቱ ቅባት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል፤ ያገለገለውም የመጥበሻ ዘይት ለብቻው በክዳናም ዕቃ ይጠራቀማል።