ትእዛዙ መንገድ ላይ ሲቀር

አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀርቦላቸዋል እንበል። የመጀመሪያውን ጭብጥ እንደ ማንኛውም ሰው ቆርጥመው ይውጣሉ። ሁለተኛው ላይ መንጋጋቸው ይዝላል። ሦስተኛውን የሚያኝኩት አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው። ጨዋታው ሲረዝም ድምፃቸው በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል፤ ወደ ማታ ደግሞ የግራ ዐይናቸው ቆብ ይወርዳል። ልጆቻቸው «ድካም ነው፣ ትንሽ ይረፉ» ይሏቸዋል። እውነትም ሲያርፉ ይሻላቸዋል፤ ጠዋት ምንም ያልነካቸው ይመስላሉ። ቆሎው ሲመለስ ግን ድካሙም አብሮ ይመለሳል።

ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው እንዲህ ነው። የሥራ ድካም መላ ሰውነትን ይጫናል፤ ይህ ግን የሠራውን ጡንቻ ለይቶ ያደክማል። ያኘከው መንጋጋ፣ ያነበበው ዐይን፣ ፀጉር ሲሠራ የቆየው ክንድ ተራ በተራ ይከዳል። የሚገርመው ጡንቻው ራሱ ጤነኛ መሆኑ ነው፤ ጉልበት አላጣም። ነርቩም ትእዛዙን በትክክል ይልካል። ጉድለቱ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ነርቭና ጡንቻ አይነካኩም። በመካከላቸው ከአንድ ወረቀት ውፍረት ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል የጠበበ ክፍተት አለ። በነርቩ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ እየሮጠ የመጣው ትእዛዝ ይህን ክፍተት መዝለል ስለማይችል፣ የነርቩ ጫፍ መልእክቱን ወደ ኬሚካል ይለውጠዋል። ኬሚካሉ አሴታይልኮሊን ይባላል። በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ጫፉ ላይ ይጠብቃል፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች አሉ። አንድ ትእዛዝ ሲደርስ በርከት ያሉ ከረጢቶች ባንዴ ይፈነዱና ይዘታቸው ወደ ማዶ ይሻገራል። ማዶ፣ በተሸበሸበው የጡንቻ ሽፋን ላይ፣ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች ተደርድረዋል። አሴታይልኮሊን ሲነካቸው እንደ በር ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይገባል፣ የኤሌክትሪክ ግፊት ይነሣል። ግፊቱ የተወሰነ ወለል ካለፈ የጡንቻው ክር ይኮማተራል፤ ካላለፈ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ለአንድ ክር መሃል ቤት የለውም። ሥራው እንዳለቀ አንድ ኢንዛይም የተረፈውን አሴታይልኮሊን ወዲያው ይጠርገዋል።

አሁን የነገሩን ቋጠሮ እንያዝ። ነርቩ በተከታታይ ሲያዝ የሚፈነዱት ከረጢቶች ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለመፈንዳት የተዘጋጁት ያልቃሉ፣ አዲሶቹ እስኪተኩ ጊዜ ይፈጃል። ይህ በጤነኛም ሰው ላይ ይደርሳል። ጤነኛው የማያውቀው ትርፍ ስላለው ነው፤ የሚነሣው ግፊት ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጎተራው የሞላ ቤት የአንድ ወር የምርት መጉደል አይሰማውም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ግን በዚያው ወር ይራባል።

ማያስቴኒያ ግራቪስ ይህን ትርፍ ይበላል። ከውጭ የመጣ ጀርም እንዲዋጋ የተሠራው የሰውነት መከላከያ ስቶ የራሱን ተቀባዮች የሚያጠቁ ፀረ አካላት ያመርታል። አንዳንዶቹ ተቀባዩ ላይ ተጣብቀው በሩን ይዘጋሉ። ሌሎቹ ሁለት ተቀባዮችን ያቆራኛሉ፤ ጡንቻውም የተቆራኙትን ወደ ውስጥ ስቦ ያለጊዜያቸው ያፈርሳቸዋል። ከሁሉ የከፋው ጥቃት ሽፋኑን ራሱን መብሳትና ሽብሽቡን ማውደም ነው። በ1973 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ተቀባዮቹን ለይቶ የሚይዝ የእባብ መርዝ ተጠቅመው የሕሙማንን ጡንቻ ሲቆጥሩ፣ የቀረው ከጤነኛው ከ11 እስከ 30 በመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት።

ሒሳቡን በቀላል ቁጥር እንሥራው። አንድ ክር ለመኮማተር 10 መጠን ግፊት ያስፈልገው እንበል። በጤነኛው የመጀመሪያው ትእዛዝ 30 ያነሣል፤ ተከታዮቹ 27፣ ከዚያ 24፣ እያሉ ይወርዳሉ። ቢወርዱም ሁሉም ከ10 በላይ ስለሆኑ ክሩ አንድም ጊዜ አይስትም። በታማሚዋ ተቀባዮቹ ስለተመናመኑ መነሻው 12 ብቻ ይሁን። በዚያው ልክ ሲወርድ ሁለተኛው 10.8፣ ሦስተኛው 9.6 ይሆናል። ሦስተኛው ትእዛዝ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ጭብጥ ቆሎ አካባቢ የሚሆነው የዚህ ዓይነት ነገር ነው። ጡንቻ የብዙ ሺህ ክሮች ጥቅል ነው፤ አንዱ ክር ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ሌላው ጭራሽ ሳይስት ይቀራል። ለዚህ ነው መንጋጋው ባንዴ ሽባ ከመሆን ይልቅ እየዛለ የሚሄደው። ሲያርፍ ከረጢቶቹ ይተካሉ፣ መነሻው ወደ 12 ይመለሳል፣ ጉልበትም ይመለሳል።

ሐኪም ይህንኑ በዐይኑ ማየት ይችላል። ወደ አንድ ጡንቻ በሚሄደው ነርቭ ላይ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ቀላል ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የጡንቻው ምላሽ ስክሪን ላይ በማዕበል መልክ ጎን ለጎን ይሰለፋል። በጤነኛ ሰው ማዕበሎቹ እኩል ናቸው። በታማሚ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው ከመጀመሪያው ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ምልክቱ ታየ ይባላል። ከዚህ የቀለለም ምርመራ አለ። በወረደው የዐይን ቆብ ላይ በረዶ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይያዛል። ቅዝቃዜው ጠራጊውን ኢንዛይም ስለሚያዘገየው አሴታይልኮሊኑ ይቆያል፣ ቆቡም ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል።

የመጀመሪያው ሁነኛ መድኃኒት የተገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። በ1934 ለንደን ውስጥ በግሪኒች በሚገኘው ሴይንት አልፌጅ ሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ሜሪ ዎከር፣ የሕመሙ ጠባይ ኩራሬ በተባለው የደቡብ አሜሪካ የቀስት መርዝ ከተመረዘ ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ልብ አለች። የኩራሬ ማርከሻ ፊዞስቲግሚን ነበርና ለአንዲት ታማሚ በመርፌ ሰጠቻት። ብዙም ሳይቆይ የዐይኗ ቆብ ተነሣ፣ መዋጥም ቀለላት፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ድካሙ ተመለሰ። መድኃኒቱ ጠራጊውን ኢንዛይም ይይዛል እንጂ የጠፋ ተቀባይ አይመልስም።

ዛሬ የሚሰጠው ፓይሪዶስቲግሚንም ወሰኑ ያው ነው፤ ከመጠን ካለፈ ራሱ ያደክማል። ፀረ አካላቱን ለመቀነስ መከላከያውን የሚያረግቡ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ለአንዳንዶች ደግሞ ደረት ውስጥ ያለው ታይመስ የተባለው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ትርፉ የተሟጠጠበትን ሰው ሌላ የሚገፋ ነገር ሊጥለው ስለሚችል፣ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ሲታዘዝለት በሽታውን አስቀድሞ መናገር አለበት። መዋጥ ካቃተው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ድካሙ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ደርሷልና ነገን ሳይጠብቅ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ለእኒያ እናት ሐኪማቸው ኪኒኑን ከምግብ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድመው እንዲውጡ ያዝዙ ይሆናል። ኢንዛይሙ ሲያዝ እያንዳንዱ ትእዛዝ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰማል፤ በእኛ ሒሳብ 9.6 የነበረው ከ10 ይሻገራል። ልዩነቱ ያቺን ሦስተኛ ጭብጥ ቆሎ አገጭ ሳይደግፉ ለመጨረስ ይበቃል።