መብራት ሲጠፋ ለመምህር የሚጻፍ ኢሜይል

«መብራት ስለሌለ አልደረሰልኝም» የሚል ኢሜይል ለፕሮግራሚንግ መምህር ብዙም አይነግረውም። መምህሩ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተሠራና ምን እንደቀረ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ እናስብ። ማስረከቢያው ዓርብ ማታ ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ግን መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የቤቱ ኢንተርኔትም አብሮት ይጠፋል። ደግነቱ፣ በጊት ለውጥን መመዝገብ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥራውን ወደ ሰርቨር ለመላክ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ እየመዘገበ የሠራው ሁሉ ከነሰዓቱ ይቀመጣል። ገና ያልተላከውን ይህ ትእዛዝ ይዘረዝረዋል፦

```
git log origin/main..HEAD
```

ተማሪው ዝርዝሩን በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ሐሙስ፣ የሞባይል ዳታው ብቅ ሲል፣ ከፎቶው ጋር እንዲህ ይልካል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ የመጻሕፍት ምዝገባውና ፍለጋው አልቋል። የቀረኝ የውሰት ክፍሉና ፍተሻው ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ በሰፈራችን መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጥ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ፎቶው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ሰዓቱ የሚወሰደው ከተማሪው ኮምፒውተር ስለሆነ ሊቀየር ይችላል። ይበልጥ የሚያሳምነው ቀኑ ሳያልፍ መጻፉ፣ መምህሩም ሲጠይቀው ኮዱን መስመር በመስመር ማስረዳት መቻሉ ነው።