ተረትና እውነታ፦ አሥራ አንድ ቡድን ሲመዘገብ የሚያርፈው ማን ነው?

የክረምት የሰፈር ውድድር ኮሚቴ ውስጥ የገባ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ምዝገባው ተዘግቷል፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹን ቆጥሯል፣ ቡድኖቹ 11 ሆነዋል። አንዱ ወረቀት እየቀደደ ስም ይጽፋል፣ ሌላው ዕጣ ማውጫ እንዲሆን ኮፍያውን ያወልቃል። «ሁለት ሁለት እያደረግን እናውጣ፣ የተረፈው ይረፍ» ይላል አንዱ፤ ሁሉም ይስማማል። እኔም አንድ ክረምት ተስማምቼ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ስንደርስ ሦስት ቡድን ብቻ ቀርቶ፣ ግማሽ ፍፃሜውን እንዴት እንደምናጫውት ግራ ገባን።

ተረት፦ ቡድኖቹ ጎዶሎ በሆኑ ቁጥር አንዱን ማሳረፍ ይበቃል።

እስቲ በ11 ቡድን እንከተለው። በመጀመሪያው ዙር 10 ቡድኖች አምስት ጨዋታ ያደርጋሉ፣ አንዱ ያርፋል፣ ስድስት ያልፋሉ። ስድስቱ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው ሦስት ይቀራሉ። እዚህ ላይ ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ ሦስተኛው ኳስ ሳይነካ ለዋንጫ ይደርሳል። ቡድኖቹ እኩል አቅም አላቸው ብንል፣ ያረፈው ዋንጫ የማንሳት ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው፤ የሌሎቹ ግን ለእያንዳንዳቸው ከአራት አንድ። የባሰም አለ። በመጀመሪያው ዙር ያረፈው ቡድን ዕጣው ቀንቶት እዚህም ሊያርፍ ይችላል። ያኔ ሁለት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ዋንጫ ይወስዳል፤ በየትኛውም ዙር ያላረፈው ተፎካካሪው ግን አራት ማሸነፍ አለበት።

ሦስት ቡድን ያለው ግማሽ ፍፃሜ በታላቅ መድረክም ታይቷል። በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ የሚሳተፉት። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ስትወጣ ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍፃሜ አለፈች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች፤ ፍፃሜውንም 4 ለ 0 ረታች፤ አራቱንም ጎል ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር። ያ የዕጣ አወጣጥ ስሕተት አልነበረም፤ ቡድን የጎደለው በፖለቲካ ነው። እኛ ግን በገዛ እጃችን ያንኑ እንሠራለን።

እውነታው እንዲህ ነው፦ የሚያርፉት ሁሉ በመጀመሪያው ዙር ይረፉ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይረፍ። ጥሎ ማለፍ ያለ ጎዶሎ የሚሄደው ከሁለት ተነስቶ እጥፍ እጥፍ በሚሄደው ቁጥር ነው፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ። ከ11 በላይ ያለው የመጀመሪያው 16 ነው። ከ16 ላይ 11 ሲቀነስ 5 ይቀራል፤ አምስት ቡድን ያርፋል ማለት ነው። የተቀሩት ስድስት ሦስት ጨዋታ ያደርጋሉ። ሦስቱ አሸናፊዎችና አምስቱ አራፊዎች ሲደመሩ ስምንት ይሆናሉ፤ ይኸው ሩብ ፍፃሜ።

ተረት፦ ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ ችግር የለም።

12 ሙሉ ነው። ስድስት ይሆናል፣ ከዚያ ሦስት። 10 ደግሞ በአንድ ዙር አምስት ላይ ይጥላል። ለሁለት መካፈሉ ብቻ አያድንም፤ እስከ አንድ ድረስ ሳይጎድል መካፈል አለበት።

ተረት፦ አምስት ቡድን ካረፈ ጨዋታ ይቀንሳል፣ የመግቢያ ገቢም ይጎድላል።

ይህን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ገንዘብ ያዡ ነው፤ አይፈረድበትም። ግን ልብ እንበል፦ እያንዳንዱ ጨዋታ የሚያስወጣው አንድ ቡድን ብቻ ነው፣ ዋንጫው እንዲነሳ ደግሞ ከ11 ቡድን አሥሩ መውጣት አለባቸው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ቢወጣ ጨዋታው አሥር ነው። በመጀመሪያው መንገድ 5፣ 3፣ 1፣ 1፤ በሁለተኛው 3፣ 4፣ 2፣ 1። የደረጃ ጨዋታ ከተጨመረ አሥራ አንድ። እንዲያውም ሁለተኛው ሩብ ፍፃሜና ግማሽ ፍፃሜውን ሙሉ ስለሚያደርገው ለተመልካች ይሻላል።

ተረት፦ አምስት ባዶ ወረቀት ኮፍያው ውስጥ ጨምሮ መቀላቀል ፍትሐዊ ነው።

ቅን ይመስላል፤ ግን ብዙ ዕጣ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 16 ወረቀት፣ አምስቱ ባዶ፣ ሁለት ሁለት ሲወጣ ባዶና ባዶ ሊገናኙ ይችላሉ። ባዶ ከባዶ ማንንም አያሳልፍም፤ ስለዚህ በሩብ ፍፃሜ እነሱን መግጠም የነበረበት ቡድን ሳይጫወት ለግማሽ ፍፃሜ ይደርሳል። ከበር ያስወጣነው ችግር በመስኮት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ የአራፊ ቦታ በዕጣ አይበተንም፤ አስቀድሞ ይመደባል፣ ለአንድ ጥንድም ከአንድ አይበልጥም። አምስቱንም ከላይ ጀምሮ በተርታ መደርደርም ሌላ ጥፋት ነው፤ አራት አራፊዎች በአንድ ጎን ይከማቹና አንዱ ብቻ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ሦስትና ሁለት ሆነው መከፈል አለባቸው።

የቆየው ዘዴ ይህን ሁሉ ራሱ ያስተካክለዋል። ቡድኖቹ ከ1 እስከ 11 ተራ ቁጥር ይይዛሉ፤ ተጋጣሚዎች ደግሞ ቁጥራቸው ሲደመር 17 እንዲሆን ይጣመራሉ። ቁጥር 1 ከ16፣ 2 ከ15፣ 3 ከ14 እያለ ይሄዳል። ከ12 እስከ 16 ያሉት ስለሌሉ ከ1 እስከ 5 ያሉት ያርፋሉ። ሰንጠረዡ ላይ እንዲህ ይቀመጣል፦

የላይኛው ጎን፦
1 – አራፊ
8 – 9
4 – አራፊ
5 – አራፊ

የታችኛው ጎን፦
3 – አራፊ
6 – 11
7 – 10
2 – አራፊ

ከዚያ በየጎኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች እርስ በርስ፣ የኋለኞቹ ሁለትም እርስ በርስ ሩብ ፍፃሜ ይገናኛሉ። 1 የ8ና የ9ን አሸናፊ ይገጥማል፣ 4 ደግሞ ያረፈውን 5ን። 1ና 2 ከፍፃሜ በፊት አይገናኙም።

ተራ ቁጥሩን ማን ይሰጣል? ባለፈው ዓመት ውጤት ካለ በውጤት፤ ከሌለ በዕጣ፣ ሁሉም ተወካይ ባለበት። ኮሚቴው በስሜት ከሰጠ ግን ጠብ ነው፣ ጠቡም አግባብ ይኖረዋል። ማረፍ ትልቅ ጥቅም ነውና። አቅማቸው እኩል ከሆነ የአራፊ ቡድን የዋንጫ ዕድል ከስምንት አንድ ነው፣ የሌላው ከአሥራ ስድስት አንድ። «ያረፈ ቡድን ይቀዘቅዛል» የሚሉ አሰልጣኞችን ሰምቻለሁ፤ ዕጣው ሲወጣ ግን ማረፍን እምቢ ያለ አላየሁም።

ሰንጠረዡ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ቡድን ቢቀር ዕጣ እንደገና አይወጣም፤ ተጋጣሚው በፎርፌ ያልፋል። ዘግይቶ አሥራ ሁለተኛ ቡድን ቢመጣና ኮሚቴው ቢቀበለው ደግሞ ቦታው የታወቀ ነው፦ ከ5 ጋር፣ ድምሩ 17። 5 ዕረፍቱን ያጣል፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፣ ጨዋታውም አሥራ አንድ ይሆናል።