በሌሊት የሚመልሰው ስልክ፦ የአንድ አነስተኛ ሱቅ ራስ-ሰር መልእክት እንዴት ይሠራል?

ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ኮዝሞ ሲቲ አነስተኛ ሱቆች እንደ ብዙዎቹ የደቡብ አፍሪካ የመኖሪያ ሰፈሮች ሁሉ በየመንገዱ ይገኛሉ። በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ እንዲህ ባሉ ሰፈሮች በዚህ ንግድ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የሚደርሰው በአብዛኛው በዋትሳፕ ነው። የሚቀጥለው ምሳሌ አንድ እንዲህ ያለ ሱቅ በዓይነ ኅሊና በመሳል የተዘጋጀ ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ አንዲት ደንበኛ የጤፍ ዱቄት መኖሩን ለማወቅ ትጽፋለች እንበል። ባለሱቁ ተኝቷል። ሆኖም ጥቂት ቆይቶ ሰላምታ የያዘና በማግስቱ ጠዋት መልስ እንደሚሰጣት የሚገልጽ መልእክት ይደርሳታል። ይህን መልእክት የላከው ማን ነው?

ብዙ ሰው መልሱ ከኩባንያው ትልቅ ኮምፒውተር የተላከ ይመስለዋል። አነስተኛ ነጋዴዎች በሚጠቀሙበት የስልክ መተግበሪያ ግን መልሱን የሚሰጠው የባለሱቁ ስልክ ራሱ ነው። ዋትሳፕ ቢዝነስ የተባለው ይህ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ለአገልግሎት የቀረበ ሲሆን፣ የሌሊቱ መልስ በውስጡ `Away message` በሚል ስም ይገኛል። የዋትሳፕ መልእክት ከላኪው ስልክ ሲነሣ ይቆለፋል፤ የሚከፈተውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ባለው ቁልፍ ነው። በመካከል ያለው አገልጋይ ኮምፒውተር የተቆለፈውን ያሳልፋል እንጂ አይከፍተውም። ስለዚህ የደንበኛዋ ጥያቄ ወደ ሱቁ ስልክ ይገባል፣ ስልኩ ሰዓቱን አይቶ ሱቁ መዘጋቱን ያረጋግጣል፣ አስቀድሞ የተጻፈለትንም ቃል ይልካል። ትልልቅ ድርጅቶች ከስልክ ውጭ በኮምፒውተር የሚሠራ ሌላ አገልግሎት ይጠቀማሉ፤ የሰፈር ሱቅ ግን ያለው ይህ ስልክ ነው።

የዚህ ውጤት ቀላልም ከባድም ነው። ስልኩ ከበይነመረብ ጋር ካልተገናኘ መልስ የለም። ባትሪው ካለቀ፣ የተሞላው ዳታ ካለቀ ወይም በአካባቢው ያለው የኔትወርክ ማማ በመብራት መቋረጥ ከቆመ፣ ቃሉ በትክክል ተጽፎ ቢቀመጥም ደንበኛዋ ዝምታ ብቻ ታገኛለች። ደቡብ አፍሪካውያን መብራት በፈረቃ ሲቋረጥባቸው በኖሩባቸው ዓመታት፣ በተለይም በ2023፣ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነበር። ምክንያቱን ከደንበኛዋ ስክሪን ላይ ማንበብ ይቻላል። ከላከችው ጽሑፍ አጠገብ አንድ ምልክት ብቻ ካለ መልእክቱ ከእርሷ ወጥቷል፣ የሱቁ ስልክ ግን አልተቀበለውም። ሁለት ምልክት ኖሮ መልስ ካልመጣ ስልኩ ተገናኝቷል፤ ችግሩ ከአስተካከሉ ነው።

ከአስተካከል ስሕተቶች ለኢትዮጵያውያን ልዩ የሆነው ሰዓት ነው። መተግበሪያው የሥራ ሰዓትን የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ መሞላት ያለበት እንዲህ ነው፦

```
08:00 - 20:00
```

ባለሱቁ በለመደው አቆጣጠር አስቦ 02:00 - 14:00 ብሎ ከሞላ ግን ስልኩ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ሱቁ እንደተዘጋ ይቆጥራል። ሱቁ ክፍት ሆኖ ሰው ባንኮኒው ላይ ተሰልፎ እያለ ለሚጽፈው ደንበኛ «ተዘግቷል» የሚል መልስ ይሄዳል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለሚጽፈው ደግሞ፣ በስልኩ ስሌት ሱቁ ክፍት ስለሆነ፣ ምንም አይላክም። ከሰዓት በኋላ «ለምን ተዘግቷል ይላል?» የሚል ደንበኛ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ያው ችግር በጽሑፉ ውስጥም ይደገማል። «2 ሰዓት» የሚለው ቃል ብቻውን ለዚህ ሱቅ የመክፈቻውም የመዝጊያውም ሰዓት ነው። የሰፈሩ ደቡብ አፍሪካዊ ጎረቤት ደግሞ ሁለት ቁጥርን ሲያይ ከቀኑ ስምንት ሰዓታችንን ያስባል። ስለዚህ ጠዋት መሆኑን በቃል መጻፍ፣ ከጎኑም 08:00 የሚለውን ማስቀመጥ ይገባል። «ነገ» የሚለውም አደገኛ ቃል ነው። ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ «ነገ ጠዋት» ማለት ሊነጋ ያለው ጠዋት ነው፤ ስልኩ ላይ ግን ቀኑ ተቀይሯል፤ ጎረቤቱ የሚቀጥለውን ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው የቅዳሜ ምሽት ነው። ሱቁ እሑድ የማይከፈት ከሆነ «ነገ እንመልሳለን» ያለው ስልክ ለባለሱቁ የማይፈጸም ቃል ገብቶለታል። መልእክቱ ለሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ስለሆነ ቀኖቹን በስም መጥራት ይሻላል።

ሰላምታውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እንደምን አመሹ» ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለሚጽፍ ሰው አይሆንም፤ «እንደምን አደሩ»ም ምሽት ላይ ያስቃል። ከሰዓት ጋር ያልተያያዘው «ጤና ይስጥልኝ» በማንኛውም ጊዜ ይሠራል፤ የዙሉ ተናጋሪዎች «ሳውቦና»ም እንዲሁ ነው። ስልኩ የጸሐፊውን ጾታና ዕድሜ ስለማያውቅ «እርስዎ» ማለት ሁለቱንም ጭንቀት ያስቀራል። እንግዲህ መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ለሱቁ ይበቃዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሱቃችን አሁን ተዘግቷል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (08:00) ጀምሮ እንከፍታለን፤ ጥያቄዎን ያኔ በደረሰን ቅደም ተከተል እንመልሳለን። የሚፈልጉትን ዕቃና መጠን ከአሁኑ ቢጽፉልን ጠዋት ፈጥነን እናዘጋጃለን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው። «ጤፍ አለ?» ብሎ የተኛ ሰው ጠዋት «ስንት ኪሎ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ መጠኑን በሌሊት ጽፎ ካደረ ግን ባለሱቁ ሲከፍት ትእዛዙ ተሟልቶ ያገኘዋል። ለጎረቤቶች ሲባል ያው ቃል በእንግሊዝኛ ከሥር ሊጨመር ይገባል፤ ሰዓቱ በቁጥር ስለተጻፈ በሁለቱ መካከል አይጋጭም።

ለገና ወይም ለፋሲካ ሱቁ ለቀናት ሲዘጋ የዘወትሩን ቃል ትቶ ሌላ መጻፍና የሚላክበትን ጊዜ በ`Custom schedule` ከመነሻ እስከ መድረሻ ቀኑ መወሰን ይቻላል። በዓሉ ሲያልቅ ወደ `Outside of business hours` መመለስ ግን የባለሱቁ ድርሻ ነው። ይህ ከተረሳ ሱቁ ከበዓል በኋላ በሌሊት ዝም ይላል።

ሌላው በዝምታ የሚያልፍ ስሕተት የተቀባዮች ምርጫ ነው። `Recipients` በሚለው ሥር `Everyone not in address book` ከተመረጠ መልሱ የሚሄደው ስልክ ቁጥራቸው ላልተመዘገበ ሰዎች ብቻ ነው። ይህም ማለት አዲስ ሰው መልስ ሲያገኝ፣ ባለሱቁ ስማቸውን የመዘገባቸው የዘወትር ደንበኞች ምንም አያገኙም። የሚያስቸግረው ባለሱቁ ራሱን ሲፈትን ነው፤ በወንድሙ ስልክ ጽፎ መልስ ካጣ መተግበሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ የወንድሙ ቁጥር ተመዝግቦ መቀመጡን አያስበውም።

ስለዚህ ሙከራው በሁለት ስልክ መደረግ አለበት፤ አንዱ የተመዘገበ፣ ሌላው ያልተመዘገበ። ጊዜውም ሱቁ ከተዘጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሱቁ ስልክ ከቻርጅ ጋር ተገናኝቶ፣ ዳታው ክፍት ሆኖ። ሁለቱም ስልኮች መልስ ካገኙ በማግስቱ ሱቁ ክፍት እያለ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይጻፍ። በዚያ ሰዓት «ተዘግቷል» የሚል መልስ ከመጣ ሰዓቱ በተሳሳተ አቆጣጠር ተሞልቷል ማለት ነው።