1.4 ቢሊዮን ዶላር ያተረፈው ኩባንያ ለምን ከሰረ?

የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ዎርልድኮም ለ2001 ባወጣው ሪፖርት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተጣራ ትርፍ ማግኘቱን ገለጸ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሪፖርቱ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጁላይ 2002፣ ይኸው ኩባንያ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። በወረቀት ላይ ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ነበረው። እስከዚያን ቀን ድረስ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ግዙፍ ኪሳራ ታይቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ያነበበው የትርፉን መስመር ነው። ከዚያው ሰነድ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ግን ሌላ ሠንጠረዥ ነበር፤ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ይባላል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ኩባንያው በ2001 ከሥራው ያገኘው ገንዘብ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኔትወርክና ለሌላ ቋሚ ንብረት ያወጣው ደግሞ 7.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ከሌላው ስንቀንስ የሚተርፈው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ይህ ቀሪ ነፃ የገንዘብ ፍሰት ይባላል፤ ኩባንያው ሥራውን ካስኬደና ንብረቱን ካሟላ በኋላ ዕዳ ለመክፈል ወይም ለባለአክሲዮኖች ለማከፋፈል እጁ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ትርፉ 1.4 ቢሊዮን፣ የቀረው ገንዘብ 0.1 ቢሊዮን። ጠንቃቃ ባለሀብት ዓይኑን የሚተክለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ትርፍ የሚሰላው ገንዘቡ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ተከትሎ አይደለም። አንድ ድርጅት ሰኔ 25 ቀን ዕቃ በዱቤ ቢሸጥና በሰኔ 30 ሂሳቡን ቢዘጋ፣ ገዢው የሚከፍለው መስከረም ላይ ቢሆንም ሽያጩ የዚያው ዓመት ገቢ ሆኖ ይመዘገባል። በሌላ በኩል በ10 ሚሊዮን ብር ማሽን ቢገዛ ገንዘቡ ዛሬውኑ ከባንክ ይወጣል፤ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ግን ማሽኑ አሥር ዓመት ያገለግላል ከተባለ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ብር ብቻ የእርጅና ቅናሽ ሆኖ ይታያል። አሠራሩ ትክክል ነው፤ አሥር ዓመት የሚሠራን ማሽን ሙሉ ዋጋ በአንድ ዓመት ላይ መጫን የዚያን ዓመት ሥራ ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል።

ችግሩ አሠራሩ በግምት የተሞላ መሆኑ ነው። ባለዕዳው በእርግጥ ይከፍላል? ማሽኑ አሥር ዓመት ይሠራል ወይስ ስድስት? የወጣው ገንዘብ ለዓመታት የሚያገለግል ንብረት ገዝቷል ወይስ ዛሬውኑ ተበልቶ አልቋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ራሱ ኩባንያው ነው። ዎርልድኮም የመጨረሻውን ጥያቄ በውሸት መለሰ።

የዎርልድኮም ትልቁ ወጪ ለሌሎች ኩባንያዎች የሚከፍለው የመስመር ክፍያ ነበር። ከእሱ ኔትወርክ የተነሳ ጥሪ በሌላ ኩባንያ መስመር ላይ ሲያልፍ ያስከፍለዋል። ከዚህም በላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኢንተርኔት ያለገደብ ያድጋል በተባለበት ዘመን፣ ዎርልድኮም የሌሎችን መስመሮች በረጅም ጊዜ ውል ተከራይቶ ነበር። በ2000 ገበያው ሲቀዘቅዝ መስመሮቹ ሥራ ፈቱ፤ የኪራዩ ሂሳብ ግን በየወሩ መምጣቱን አላቆመም። አለቆቹ ለገበያው ሲያሳዩት የኖሩት ከእያንዳንዱ የገቢ ዶላር 42 ሳንቲም ገደማ ለመስመር እንደሚወጣ ነው። ያ ቁጥር ሲናጋ የአክሲዮኑም ዋጋ አብሮ እንደሚወድቅ ያውቁታል።

ስለዚህ ከ2001 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ጀምሮ የመስመር ክፍያውን የተወሰነ ክፍል ከወጪ መዝገብ እያነሱ ወደ ቋሚ ንብረት መዝገብ ማዛወር ጀመሩ። ትናንት ለተደወለ ስልክ የተከፈለ ገንዘብ እንደ ሕንፃና እንደ ኬብል ተቆጠረ ማለት ነው። ውጤቱን በትንሽ ቁጥር እንየው። 100 ዶላር የመስመር ክፍያ በትክክል ቢመዘገብ ትርፉን በ100 ይቀንሰዋል። ንብረት ተብሎ ለአሥር ዓመት ቢከፋፈል ግን የዘንድሮን ትርፍ የሚቀንሰው በ10 ብቻ ነው፤ 90ው ከምንም ተነስቶ ትርፍ ይሆናል። 100 ዶላሩ ግን በሁለቱም መንገድ ከባንክ ሂሳቡ ወጥቷል። በ2001 በዚህ መንገድ የተዛወረው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2002 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ደግሞ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ አንባቢ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ትርፍን አልከተልም፣ ከሥራ የተገኘውን ገንዘብ ነው የማየው» ያለ ሰውም በዎርልድኮም ይታለል ነበር። የመስመር ክፍያው ወደ ንብረት ሲዛወር፣ በገንዘብ ፍሰት መግለጫውም ላይ ከሥራ ክፍል ወጥቶ ወደ ኢንቨስትመንት ክፍል ይሄዳል። በዚህ የተነሳ 5 ቢሊዮን ገደማ መሆን የነበረበት ከሥራ የተገኘ ገንዘብ 8 ቢሊዮን ሆኖ ታየ። ነገር ግን ለንብረት ወጣ የተባለውም በዚያው ልክ፣ 4.8 ቢሊዮን ገደማ መሆን ሲገባው፣ ወደ 7.9 ቢሊዮን አደገ። ሁለቱን ስታቀናንሱ መልሱ ያው 0.1 ቢሊዮን ነው። የተደበቀው ወጪ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ቢሮጥም ከሠንጠረዡ አልወጣም። ነፃ የገንዘብ ፍሰት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም ክፍሎች አንድ ላይ ይይዛል።

ምልክቱ ደግሞ ቀደም ብሎም ነበር። በ1999 የኩባንያው ነፃ የገንዘብ ፍሰት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2000 ከዜሮ በታች ወርዶ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ጎደለ። በዚያው በ2000 የታወጀው የተጣራ ትርፍ ግን ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ለማየት የውስጥ አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ሠንጠረዡ ለማንም ክፍት ነበር። ማጭበርበሩን በትክክል ለማረጋገጥ ግን የውስጥ ሰው አስፈልጓል። የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቿ በ2002 የፀደይ ወራት መዝገቡን ማታ ማታ ሳይቀር እየመረመሩ የተዛወሩትን ሂሳቦች አገኙ። በጁን 2002 ኩባንያው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል በስህተት መመዝገቡን አመነ፤ ያለዚህ ዝውውር በ2001 ኪሳራ ያሳይ እንደነበርም አስታወቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስ በ2005 የ25 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ከዚህ ተነስቶ ትርፉ ከገንዘቡ የበለጠ ኩባንያ ሁሉ አጭበርባሪ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ኔትፍሊክስን እንመልከት። በ2019 የተጣራ ትርፉ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ ከዜሮ በታች 3.3 ቢሊዮን ነበር። ፊልም ሲሠራ ክፍያው ቀድሞ ይወጣል፤ በሂሳብ ግን ወጪው ፊልሙ በሚታይባቸው ዓመታት ይከፋፈላል። በመልኩ ዎርልድኮም ካደረገው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ፊልሙ በሚቀጥለው ዓመትም በእርግጥ የሚታይ መሆኑ ነው። አሳሳቢ ነገር ግን ነበረው፤ ኩባንያው ጉድለቱን የሚሸፍነው በብድር ነበርና አበዳሪ ቢጠፋ ይጨነቅ ነበር። በኋላ ደንበኛው በዛ፣ የፊልም ወጪውም በዚያ ፍጥነት ማደጉን ተወ። በ2023 ነፃ የገንዘብ ፍሰቱ 6.9 ቢሊዮን ደርሶ የተጣራ ትርፉን፣ 5.4 ቢሊዮን ገደማውን፣ በለጠ።

እንግዲህ ልዩነቱን ስታዩ የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? የዋለበትስ ነገር መልሶ ገንዘብ እያመጣ ነው? አንድ ዓመት አይበቃም። የአምስት ዓመት ትርፍ ደምሩ፣ የአምስት ዓመት ነፃ የገንዘብ ፍሰት ደምሩ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በጤናማ ኩባንያ ሁለቱ ውለው አድረው ይቀራረባሉ። ካልተቀራረቡ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ የትኛው መስመር እንዳበጠ ፈልጉ። ተሰብሳቢ ሂሳብ ከሽያጩ ፈጥኖ ካደገ ደንበኞች እየከፈሉ አይደለም፤ የመጋዘን ዕቃ ከሆነ ያደገው፣ ዕቃው አልተሸጠም።

ገንዘቡም ቢሆን ለጊዜው ሊለሰን ይችላል። የእንግሊዙ የግንባታ ድርጅት ካሪሊየን አቅራቢዎቹን እስከ 120 ቀን ያስጠብቅ ነበር። ለሰው ያልከፈላችሁት ገንዘብ ዛሬ እጃችሁ ላይ አለና የገንዘብ ፍሰቱ ያማረ ይመስላል፤ ዕዳው ግን ይከመራል። ድርጅቱ በጃንዋሪ 2018 ፈረሰ። ስለዚህ ገንዘቡ ድንገት ከተሻሻለ ተከፋይ ሂሳቡንም አብራችሁ እዩ።

ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢትዮጵያዊ በብዛት የያዘው አክሲዮን የባንክና የኢንሹራንስ ነው፤ ይህ ስሌት ለባንክ አይሠራም። የባንክ ሸቀጡ ራሱ ገንዘብ ነው። ተቀማጭ በገባ ቁጥር ፍሰቱ ያብጣል፣ ብድር በሰጠ ቁጥር ይከሳል፤ ሁለቱም ስለ ትርፉ ጥራት የሚነግሩን ነገር የለም። ለባንክ የሚታየው የማይመለስ ብድር መጠንና ለእሱ የተያዘው መጠባበቂያ ነው።

ስሌቱ የሚሠራው ለፋብሪካ፣ ለንግድ ድርጅት፣ ለቴሌኮም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2024 አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2025 መጀመሪያ ሲከፈት፣ ባንክ ያልሆነ ድርጅት ባለቤት የመሆን በር ለብዙ ሰው ተከፍቷል። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ኩባንያ የገንዘብ ፍሰት መግለጫ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠይቁት። የትርፍ መቶኛና የሚያምር ብሮሹር ብቻ ይዞ አክሲዮን ሊሸጥላችሁ የመጣ ሰው ካለ፣ ያቺን ሠንጠረዥ እስኪያመጣ ድረስ ብራችሁን አታውጡ።