በር ላይ የተለጠፈው የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ

በካሊፎርኒያ ኪራይ ያልተከፈለው አከራይ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ለተከራዩ የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ደብዳቤው «ዕዳህን ክፈል፤ ካልሆነ ቤቱን ልቀቅ» የሚል ነው። ብዙ ተከራዮች እንዳዩት ዕቃ መጠቅለል ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ግን በጥሞና ሊያነቡት ይገባል።

ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰ ማግስት ጀምሮ ሲሆን ቅዳሜ፣ እሑድና ፍርድ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት አይቆጠሩም። ሐሙስ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ፣ መሐል ላይ በዓል ከሌለ፣ ማክሰኞ ያበቃል። እስከዚያ ሙሉ ዕዳውን የከፈለ ተከራይ ውሉ አይፈርስበትም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የገንዘቡ መጠን ነው። በወር 2,000 ዶላር የሚከፍል ተከራይ የሁለት ወር ቢቀርበት ዕዳው 4,000 ነው። አከራዩ የመዘግየት ቅጣት ጨምሮ 4,150 ብሎ ከጻፈ፣ ከኪራዩ በላይ ስለጠየቀ ተከራዩ በፍርድ ቤት ሊቃወመው ይችላል። ተቃውሞው ከጸና አከራዩ በአዲስ ደብዳቤ እንደገና መጀመር አለበት። ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው ስም፣ ስልክና አድራሻም መጻፍ አለበት።

ቀኑ ቢያልፍም አከራዩ ቁልፍ መቀየር ወይም መብራት መቁረጥ አይችልም። መክሰስ አለበት፤ ከ2025 ወዲህ ተከራዩ መጥሪያ በእጁ ከደረሰው በኋላ መልስ ለመስጠት 10 የሥራ ቀናት አለው። ዝም ካለ ግን ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችላል፤ ከፍርዱ በኋላ የሚያስወጣውም ሸሪፉ ነው።