ዜሮው የት ነው?

«አጎቴ፣ ሁሉም ያው ብርጭቆ ነው፤ በምን ልለየው?» አለችኝ አሥረኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ። የቤት ሥራዋ ላይ የታተመው ፎቶ የቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ነው። አምስት ዕቃዎች በቀስት ተጠቁመዋል፤ ስማቸውን መጻፍ አለባት። የያዘችው ዘዴ «ቀጭኑ ቡሬት፣ ወፍራሙ ሲሊንደር» እያሉ መሸምደድ ነበር። ፎቶ ላይ ግን ውፍረት ያታልላል፤ ካሜራው ቀረብ ሲል ቀጭኑም ይወፍራል። ብዙ ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሠራሁ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የዕቃውን ሁለት ጫፎች ነው።

ቀስት 1 የሚያመለክተው ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ቱቦ ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ከታች ጠረጴዛ ላይ የሚያቆመው እግር፣ ከላይ ደግሞ ማፍሰሻ ከንፈር ካለው መለኪያ ሲሊንደር ነው። ከታች ሾጠጥ ብሎ ክፍት ከሆነና መክፈቻ ከሌለው ፒፔት ነው፤ ፈሳሹ ከታች ወደ ላይ ተስቦ ይገባበታል። ከታች የሚዞር መክፈቻ ካለው ግን ቡሬት ነው። ቡሬት ከላይ ይሞላል፣ ከታች ጠብ ጠብ ይላል፤ እግር ስለሌለው በብረት ማቆሚያ ላይ ተቆንጥጦ ይቆማል።

መክፈቻው በሰው እጅ ተሸፍኖ ከሆነ ቁጥሩን ማየት ነው። ሲሊንደር ስንት እንደገባበት ስለሚነግረን ቁጥሩ ከታች ወደ ላይ ያድጋል። ቡሬት የሚነግረን ስንት እንደወጣለት ነው፤ ስለዚህ ዜሮው ከላይ፣ 50 ሚሊ ሊትሩ ከታች ነው። ይህ ግን ከሲሊንደር ብቻ ነው የሚለየው፤ ዜሮው ከላይ የሆነ ባለ ብዙ መስመር ፒፔትም አለ።

ተማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ዜሮው ላይ ነው። ፈሳሹ በ24 እና በ25 መስመሮች መካከል፣ ከ24 ሦስት ትንንሽ መስመር ዝቅ ብሎ ቆመ እንበል። ንባቡ 24.3 ነው። ዓይኑ ሲሊንደር የለመደ ልጅ ግን ከ25 ተነሥቶ ወደ ላይ ሰባት መስመር ይቆጥርና 25.7 ብሎ ይጽፋል። ሲጀምር 0.5 ላይ ከነበረ፣ የወጣው 23.8 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ 25.2 አደረገው ማለት ነው። አንድ ጠብታ ግማሽ አሥረኛ ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሃያ ስምንት ጠብታ ያህል ስሕተት ነው።

ቀስት 2 መሐሉ ላይ እንደ ዋጠ እባብ ያበጠ ቱቦ ነው፤ ፒፔት። ከእብጠቱ በላይ አንዲት መስመር ብቻ አለችው። ሥራው አንድ ልክ፣ ለምሳሌ 25 ሚሊ ሊትር፣ ማድረስ ስለሆነ ሌላ መስመር አያስፈልገውም። ፈሳሹ ሲወርድ ጫፉ ላይ የምትቀረው ትንሽ በልኩ ውስጥ ስለታሰበች እፍ ተብላ አትባረርም። ቀስት 3 ከቡሬቱ ሥር የተቀመጠው ሾጣጣ ፍላስክ ነው፤ አንገቱ የጠበበው በእጅ ሲዞር ፈሳሹ እንዳይረጭ ነው። ቀስት 4 ላይ ያለው ሆዱ ድቡልቡል፣ አንገቱ ረጅም ነው። «ብርሌ!» አለች። አልተሳሳተችም፤ የቤተ ሙከራ ስሙ ግን ድቡልቡል ፍላስክ ነው።

ከብርሌው የሚነሣው ቱቦ የሚገባው ቀስት 5 ውስጥ ነው። ይህ ቁጥር የለውም፤ ምንም አይለካምና። ቱቦ በቱቦ ውስጥ ነው፣ በጎኑም ሁለት አጫጭር አፎች ወጥተውለታል። እነዚህ ሁለት አፎች ኮንደንሰር መሆኑን ይናገራሉ። የገጠር አረቄ አውጪ ያውቀዋል፦ ከእሳቱ ማሰሮ የተነሣው እንፋሎት በሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተነከረ ዕቃ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ደግሞ እንፋሎቱ በውስጠኛው ቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በውጭኛው ይከበዋል። ቀጥ ያለ ውስጥ ያለው ዓይነት በጀርመናዊው ኬሚስት በሊቢሽ ስም ይጠራል፤ ፈልሳፊው ግን እሱ አይደለም፤ እሱ አስፋፋው።

ውኃው መግባት ያለበት በታችኛው አፍ ነው። ያኔ ውጭኛው ቱቦ ሞልቶ በላይኛው ይፈስሳል። በላይኛው ከገባ ግን ሳይሞላ ሾልኮ ይወርዳል፤ ያልተሸፈነው ክፍል ስለማይቀዘቅዝ እንፋሎቱ ሊያመልጥ፣ የጋለው ብርጭቆም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ስነግራት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በፎቶው ላይ ከቧንቧው የመጣው ጎማ የተሰካው በላይኛው አፍ ላይ ነበር። «ኮንደንሰር» ብላ ጻፈችና ከጎኑ በትንሹ «ጎማው ተገልብጧል» አከለችበት።